የአምስት ሺህ ሰው አዎ

የምግብ ቤቱ የፍሳሽ ክዳን ሲነሳ ሽታው ከአፍንጫዬ ቀድሞ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ እየቀረጽኩ ስለነበር እንባዬን መጥረግ አልቻልኩም። ወንድሜ ወለሉ ላይ በሆዱ ተኝቶ ቀኝ ክንዱን እስከ ብብቱ ጉድጓዱ ውስጥ ከትቷል።

«ቅረብ!» አለኝ። «ምኑን ፈራኸው? አይነክስ!»

ቀረብኩ። እጁ ሲወጣ አብሮት አንድ ክንድ የሚያህል የረጋ ቅባት ወጣ። ግራጫ ነው፤ እንደ ሳሙና ጠጥሯል። በላዩ ላይ የሩዝ ፍሬ፣ የጠርሙስ ክዳንና የማን እንደሆነ የማይታወቅ ረጅም ፀጉር ተጣብቆበታል። ወንድሜ ወደ ካሜራው ከፍ አድርጎ አሳየና ባልዲ ውስጥ ጣለው። ከዚያ የታቆረው ውሃ በአንድ ጊዜ ተንጎራጉሮ ሲወርድ እንደ ልማዱ «ሂጂልኝ!» ብሎ ጮኸ።

ይህች «ሂጂልኝ» ናት ታዋቂ ያደረገችው። ቻናሉ «ይፈሳል» ይባላል፤ ሁለት መቶ አስር ሺህ ተከታይ አለው። ሁለት መቶ አስር ሺህ ሰው ምሳው ላይ ቁጭ ብሎ የሌላ ሰው ፍሳሽ ሲወጣ ያያል። መጀመሪያ ስሰማ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ኮሜንቶቹን ሳነብ ግን ሰዎቹ የሚመጡት ለመጸየፍ እንደሆነ ገባኝ። «ኧረ ቀፈፈኝ» ብሎ የጻፈው ሰው ከሥር «ቀጣዩ መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ወንድሜ ሊነሳ ሲል በግራ እጁ ግድግዳውን ያዘ። ቀኝ ትከሻው ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ አልታዘዝ ብሎታል። ሐኪሙ ጅማቱ ተበልቷል፣ እጅህን ከጭንቅላትህ በላይ አታንሳ፣ ሽቦ አትግፋ ብሎታል። የእሱ ሥራ ደግሞ ሽቦ መግፋት ነው። ስለዚህ ለሁለት ዓመት ለአንድ ነገር ገንዘብ ሲያጠራቅም ኖሯል፤ ቱቦን በውሃ ግፊት ለሚጠርግ ማሽን። ያገለገለ ነው፤ ሞተሩ ደህና ነው፤ የመሣሪያ ነጋዴው «ለሦስት ወር ለማንም አላሳይብህም» ብሎ ከሱቁ ጀርባ አስቀምጦለታል። ገንዘቡ ሞልቷል ማለት ይቻላል። ያ ገንዘብ ነው ለችግር የዳረገን።

እኔ ከሄድኩበት ሩቅ አገር ከተመለስኩ ስምንት ወር ሆነኝ። የተማርኩት የገበያ ጥናት ነው፤ ሰዎች ምን እንደሚገዙ ከመግዛታቸው በፊት ማወቅ። ሥራ አላገኘሁም። የምኖረው ወንድሜ ቤት፣ የምተኛው ሳሎን፣ የምሠራው ስልክ ይዞ መቅረጽ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለሁበትን ሁኔታ ለማወቅ ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

ከምግብ ቤቱ ስንመለስ ስፖንሰር ሳሎን ውስጥ እየጠበቀን ነበር። ስፖንሰር የወንድሜ ሚስት ወንድም ነው። ይህን ስም ያወጣችለት እህቱ ናት፤ ሁልጊዜ «ስፖንሰር እየመጣ ነው» ስለሚል። የቻናሉ ማናጀር እኔ ነኝ ይላል። ማንም አልሾመውም፤ ማንም አልከለከለውምም።

«ጋሼ፣ ተቀመጥ» አለው ወንድሜን። «ቆመህ የምትሰማው ነገር አይደለም።»

«ልታጠብ መጀመሪያ።»

«በኋላ ትታጠባለህ! እየው።»

ስልኩን ዘረጋለት። ቻናሉ ላይ ጥያቄ ለጥፎ ነበር፤ «የይፈሳል ቲሸርት ቢወጣ ትገዛላችሁ?» ከሥሩ አዎና አይ። መልስ የሰጠው ሰው ከስድስት ሺህ ይበልጣል። አምስት ሺህ አንድ መቶው አዎ ብሏል።

«አምስት ሺህ ሰው!» አለ ስፖንሰር። «እኔ ስድስት መቶ ብቻ ነው ያልኩት። ስድስት መቶ ቲሸርት እናሳትም። መቶ ስታሳትም አንዱ ይወደዳል፤ ስድስት መቶ ስታሳትም ዋጋው ከግማሽ በታች ይወርዳል። አታሚዋን አነጋግሬያታለሁ።»

«በምን ገንዘብ?» አልኩ፤ መልሱን እያወቅኩት።

«በማሽኑ። ለሁለት ወር ብቻ። ማሽኑ የትም አይሄድም። በትርፉ አዲስ ማሽን ይገዛል፤ ያገለገለ ሳይሆን አዲስ!»

ወንድሜ ክንዱ ላይ የደረቀውን ቅባት በጥፍሩ መፋቅ ጀመረ። ይህ አስፈራኝ። እንዲህ የሚያደርገው ልቡ ሲያዘነብል ነው።

«ትገዛለህ ወይ ብሎ መጠየቅ ፈተና አይደለም» አልኩ። «አዎ ማለት ነፃ ነው። ገንዘብ ካላስወጣው ምንም አልነገረህም።»

«ዶክተር ጀመረ» አለ ስፖንሰር። ዶክተር አይደለሁም። ያለኝ ሁለተኛ ዲግሪ ነው፤ እሱም ያውቃል።

«አንተ ከአታሚዋ ስንት ልታገኝ ነው?»

ይህን ማለት አልነበረብኝም። ፊቱ ተለዋወጠ። «ምንም» አለ። «ለእህቴ ባል ነው የምሠራው።» አላመንኩትም። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ሰውዬው ገና ሲገባ የተቀባው ሽቶ ራሱ ያጥወለውለኝ ነበር።

የወንድሜ ሚስት፣ እትዬ የምላት፣ የማድቤቱ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «ለምን ኩባያ አይሆንም?» አለች። ከዚያ ራሷ አሰበችበትና ፊቷን አጨማደደች። «አይ፣ ተዉት። የፍሳሽ ስም የተጻፈበት ነገር ላይ አፌን አላደርግም።»

ሁላችንም ሳቅን። እኔ ግን በውስጤ፣ ታዲያ ደረቱ ላይ የሚያደርገው ማን ነው? እያልኩ ነበር። ሰው ቆሻሻ ማየት ይወዳል። ያየውን ለብሶ ሥራ ቦታው መግባቱን ግን ማን ጠየቀው?

በዚያ ቀን ክርክሩን ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። ወይም መሰለኝ። ምንም ገንዘብ ሳናወጣ መሞከር እንደምንችል አስረዳኋቸው። ውጭ አገር ትእዛዝ ሲመጣ ብቻ አንድ በአንድ የሚያትሙ ድርጅቶች አሉ። ሥዕሉን ትሰቅላለህ፣ ዋጋውን ከእነሱ መነሻ ዋጋ በላይ አድርገህ ታስቀምጣለህ፤ ሰው ሲገዛ እነሱ ያትማሉ፣ እነሱ ይልካሉ፣ ልዩነቱ ያንተ ነው። መጋዘን የለ፣ ሳይዝ መገመት የለ፣ ቀብድ የለ።

«አንዱ ላይ ስንት ይተርፈናል?» አለ ወንድሜ።

«ትንሽ። ግን ለትርፍ አይደለም፤ ለማወቅ ነው።»

«ለማወቅ» ብሎ ደገመው። ወንድሜ እንዲህ ሲል መሳለቁ ይሁን ማክበሩ አይለይም። «እሺ። ሞክረው።»

የኢንተርኔት ሱቁን በሦስት ቀን ከፈትኩት። አንድ ጥቁር ቲሸርት፣ ደረቱ ላይ በነጭ «ሂጂልኝ!»፣ ከሥሩ ትንሽ የቱቦ ሥዕል። ኮፍያም ላድርግ ብዬ ተውኩት፤ የሚፈተነው አንድ ነገር ሲሆን ውጤቱ ይነበባል። ለናሙና አንድ አዘዝኩ። ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ፖስታ ቤት ሄጄ ቀረጥ ከፍዬ ተቀበልኩት። ላስቲኩን ስቀደው የኮምጣጤ ሽታ ወጣ። ቀለሙ ጨርቁ ላይ እንዲይዝ የሚረጩት ፈሳሽ ነው፤ አንዴ ሲታጠብ ይሄዳል። ያኔ ግን ሳሎኑን ሞላው። እትዬ መስኮት ከፈተች።

«ይሄንንም ከጉድጓድ ነው ያወጣችሁት?» አለች።

ታጥቦ ሲመጣ ግን ጨርቁ ደህና ነበር፤ ጽሑፉም አልተላጠም። ወንድሜ ለብሶት ቪዲዮ ሠራ፤ የሱቁን አድራሻ ከቪዲዮው ሥር አስቀመጥን። በሁለት ቀን ሰማንያ ሺህ ሰው አየው። አራት መቶ ሰው «የት ይገኛል?» ብሎ ጻፈ፤ አድራሻው ከዓይኑ ሥር እያለ። የገዛ የለም።

ሦስተኛው ቀንም የለም። በአራተኛው ምክንያቱ ገባኝ፤ ሲገባኝ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ሱቁ የሚቀበለው የውጭ ባንክ ካርድ ብቻ ነው። ከተመልካቾቻችን ከአሥሩ ስምንቱ እዚሁ ነው ያሉት፤ እንዲህ ያለ ካርድ ያለው ከመቶ አንድ ቢገኝ ነው። ካርዱ ቢኖረው እንኳ መላኪያው ከቲሸርቱ ይበልጣል። የፈተንኩት ሰዎቹ ቲሸርቱን መፈለጋቸውን አልነበረም፤ የውጭ ካርድ እንዳላቸው ነው። ይህን ስህተት አንድ የማያውቅ ሰው አይሠራም። የተማረ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ተምሮ በኖረበት ሩቅ ከተማ ዓይን እያየ።

በዚያው ጠዋት ልነግራቸው ይገባ ነበር። ወንድሜ ግን ቁርስ ላይ «ዛሬስ?» አለኝ፤ ድምፁ ውስጥ አንድ የልጅ ነገር ነበረበት። ይህ ሰው ለአሥራ አምስት ዓመት ሰው አፍንጫውን ይዞ ሲያልፈው የኖረ ነው። የልጆቹ ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ላይ ሰዎች ወንበራቸውን ሲያርቁበት አይቻለሁ። አሁን ሰው ቃሉን ደረቱ ላይ ሊለብስለት ነው።

«እየታየ ነው» አልኩት።

ከዚያ ሳሎን ገብቼ የድሮ የክፍል ጓደኞቼን መልእክት ሳጥን ከፈትኩ። ሩቅ ያሉትን። «ወንድሜ ሱቅ ከፍቷል፤ አንድ ብትገዙለት ውለታ ነው» ብዬ ለሃያ ሰው ላክሁ። ከትምህርት ቤት በኋላ ለብዙዎቹ የጻፍኩት የመጀመሪያው መልእክት ነበር። አንዷ «ምን ማለት ነው ጽሑፉ?» ብላ ጠየቀች። ነገርኳት። «ደስ ይላል» አለችና ገዛች። ቋንቋውን ሳታውቅ።

በሳምንቱ አሥራ አንድ ተሸጠ። ዘጠኙ ጓደኞቼ ናቸው።

ወንድሜ ስልኬን ይዞ ቤቱን ዞረ። ለእትዬ አሳየ፣ ለልጆቹ አሳየ፣ በስልክ ለመሣሪያ ነጋዴው ሳይቀር ነገረው። «በዶላር ነው እኮ!» ይላል። እኔ ማጠቢያው ጋ ሄጄ እጄን ታጠብኩ። ቆሻሻ አልነካሁም ነበር፤ ዝም ብዬ ታጠብኩ።

«አየህ፣ ዶክተር?» አለ ስፖንሰር ማታ ሲመጣ። ሲያሸንፍ ደግ ነው፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አንተው አረጋገጥከው። በውድ ዋጋ፣ በሩቅ አገር፣ አሥራ አንድ ሰው ገዛ። እዚህ በርካሽ፣ በእጅ፣ አምስት ሺህ ሰው እየጠበቀ ነው። ያንተን ትምህርት ንቄ ነበር፤ ይቅርታ።»

ይቅርታው ነው የገደለኝ።

ማተሚያ ቤቱ የአንድ ፎቅ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው። ስንገባ የቀለምና የነዳጅ ሽታ ተቀበለን። በግድግዳው ዙሪያ ስስ ጨርቅ የተወጠረባቸው የእንጨት ፍሬሞች ተደርድረዋል፤ መሀል ላይ አራት ክንድ ያለው ማተሚያ እንደ ሸረሪት ቆሟል። አታሚዋ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ጥፍሮቿ ሥር ሰማያዊ ቀለም ያደረባት ሴት ናት። ወንድሜን አየችና «የቧንቧው ሰውዬ!» አለች። «ልጄ ሥራህን ሲያይ እኔ ከክፍሉ እወጣለሁ።»

«ሁሉም ቤት እንደዚያ ነው» አለ ወንድሜ፤ ተደስቶ።

አሠራሩን አስረዳችው። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ፍሬም ይሠራል፤ ፍሬሙ የሚያስከፍለው አንዴ ነው፤ አሥርም ብታትም ሺህም ብታትም ያው ነው። ለዚህ ነው ሲበዛ የሚረክሰው። ከመቶ በታች እሷንም አያዋጣትም። ግማሹ ቀብድ አሁን፣ ግማሹ ዕቃው ሲወጣ። ጨርቁን የምትገዛው በቀብዱ ስለሆነ ከተገዛ በኋላ መመለስ የለም።

ወንድሜ የውስጥ ኪሱ ውስጥ እጁን ከተተ። ቀኝ እጁ አልደረሰለትም፤ ትከሻው ያዘው። በግራ ዞሮ ፖስታውን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። የማሽኑ ገንዘብ ነው። ፖስታው ላይ በእጁ ጽሑፍ «ማሽን» የሚል አለ፤ አልሰረዘውም።

«ሳይዙን እንዴት እናድርገው?» አለች አታሚዋ ደብተሯን ገልጣ። «ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ትንሹን ያበዛና ትልቁ ያልቅበታል። በፊት የሸጣችሁት አለ ተብሏል። ከዚያ እናውጣው፤ ምን ምን ሳይዝ ሄደ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ስልኬን ከፈትኩ። የትእዛዞቹ ዝርዝር ከነስማቸው አለ።

«ትልቅ» አልኩ። «ትልቅ። መካከለኛ። በጣም ትልቅ።» አታሚዋ ትጽፋለች። ስሞቹን አየሁ። አንዱ መመረቂያ ጽሑፌን ያረመልኝ ልጅ ነው። አንዷ ክፍሌ አጠገብ ትኖር የነበረች። በእነዚህ ሰዎች ቁመት ልክ ለዚህ ከተማ ሰው ስድስት መቶ ቲሸርት ሊሰፋ ነው።

ስድስተኛው ላይ ቆምኩ።

«ቀጥል እንጂ» አለ ስፖንሰር።

«ጋሼ» አልኩ። «እነዚህ ጓደኞቼ ናቸው።»

«እነማን?»

«የገዙት። ዘጠኙ። እኔ ነኝ ግዙ ብዬ የላክሁላቸው። ከተመልካች የገዛ ሁለት ሰው ነው።»

ወንድሜ ስልኬን ተቀበለኝና ስሞቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ ወረደ። ማንበብ የፈለገ አይመስልም።

«ለምነህ ነው ያመጣህልኝ?» አለ።

«እንድትደሰት ብዬ…»

«እኔ ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ የሰው ቆሻሻ አወጣለሁ። አፍሬበት አላውቅም። ማንንም ግን ለምኜ አላውቅም።» ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋው። «አንተ በስሜ ለመንክ። አዝነውልኝ ገዙ። እኔ ደግሞ ያንን ይዤ ልጆቼ ፊት ስጨፍር ነበር።»

ስፖንሰር ሊረዳኝ መሰለኝ መሀል ገባ። «ጋሼ፣ ምንም አይደለም! አሥራ አንዱን ተወው። አምስት ሺህ…»

«ዝም በል አንተም!»

አታሚዋ ደብተሯን ዘጋች። ተነስታ ከኋላ ያለውን መጋረጃ ገለጠችው። ካርቶኖች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። አንዱን ከፍታ አንድ ቢጫ ቲሸርት አወጣች፤ ደረቱ ላይ የሚስቅ ሰው ፊት አለ፤ የአፉ ቀለም ተሰነጣጥቋል።

«ይሄ ቀልደኛ ነው» አለች። «ሦስት መቶ አዘዘ፤ ቀብድ ከፈለ፤ አርባ ወሰደ፤ ሁለት ዓመቱ ነው። ያ የዘፋኝ ነው። ያኛው የጂም አስተማሪ። ሁሉም ሰው አዎ ብሎን ነበር ይላሉ።» ቲሸርቱን መልሳ ከተተችው። «ገንዘባችሁን እቀበላለሁ፤ ሥራዬ ነው። ይሄ ያመጣችሁ ልጅም ለራሱ ምንም አልጠየቀኝም፤ ዋጋ ቀንሺላቸው ብሎ ነው ያስቸገረኝ። ግን መጀመሪያ ከሰው ቀብድ ተቀበሉ። እኔ ከእናንተ እንደምቀበለው።»

ስፖንሰርን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። አንድም ሳንቲም አልጠየቀም። ከሁላችን እምነቱ ንጹሕ የነበረው እሱ ነው፤ በማይረባ ነገር ላይ ቢሆንም።

«ስንት ሰው ቢከፍል ይበቃል?» አለ ወንድሜ።

«መቶ። መቶ ካገኛችሁ በፍሬም አትምላችኋለሁ። ካልሞላ መልሱላቸው። አንድ ሁለት ብቻ የሚፈልግ ከመጣ በላስቲክ ላይ ታትሞ በሙቀት የሚለጠፍ አለ፤ ትንሽ ይወደዳል፣ ግን አንድም ቢሆን እሠራለሁ።»

ወንድሜ ፖስታውን አንስቶ ኪሱ ከተተ።

ቪዲዮውን በማግስቱ ራሱ ቀረጸው፤ እኔን ስልክ አላስያዘኝም። ባልዲ ላይ አስደግፎት ነው የተናገረው። ናሙናውን ለብሷል። «የምትፈልጉ ግማሹን በዚህ ቁጥር ላኩ፤ ስማችሁንና ሳይዛችሁን ጻፉ። እስከ እሑድ መቶ ሰው ከሞላ ይታተማል፤ ካልሞላ ገንዘባችሁ ይመለሳል። ሌላ ወሬ የለኝም።» አርባ ሰከንድ። በዕለቱም ምንም ፍሳሽ አልነበረም።

ቢሆንም መቶ አሥር ሺህ ሰው አየው። ኮሜንቱ ጎረፈ። «አንደኛ ነህ!» «ሁለት እወስዳለሁ!» «ለመላው ቤተሰብ!» የእሳት ምልክት፣ የልብ ምልክት። እያንዳንዱን አነበብኩ፤ ከቅባቱ በላይ ቀፈፈኝ። ቅባቱ ቢያንስ ሌላ ነገር ነኝ አይልም።

እሑድ ማታ ሠላሳ አንድ ሰው ከፍሏል።

ስፖንሰር ማስታወቂያ ብንጨምር፣ አንድ ሳምንት ብናራዝም፣ ኮፍያ ብናደርገው አለ። ወንድሜ አልተቆጣም። «መቶ ብዬ ነው የተናገርኩት» አለ ብቻ፤ ሰኞ ጠዋትም ገንዘቡን መመለስ ጀመረ። የባንኩን የማስተላለፊያ ክፍያ ከራሱ ኪስ ሸፈነው። እኔ ስሞቹን አነብለታለሁ፣ እሱ ይልካል። ለእያንዳንዱ ያንኑ ይጽፋል፤ አልሞላም፣ ይኸው ገንዘብዎ፣ አመሰግናለሁ፤ አንድ ብቻ ከፈለጉ በዚህ ዋጋ ይሠራል።

ሁለት ሰዎች ገንዘቡን መልሰው ላኩት። አንዱ «ያዘው ጋሼ፣ ለትከሻህ ይሁንህ» ብሎ ጽፎበታል።

ወንድሜ መልእክቱን ሁለቴ አነበበው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። ከማተሚያ ቤቱ ወዲህ ፊቴን ሲያይ የመጀመሪያው ነበር።

«ይሄም ያንተ ጓደኛ ነው?»

«አይደለም። በእናታችን አይደለም።»

«እሺ።» ለሁለቱም ገንዘቡን እንደገና ላከ። «ቲሸርት ካልወሰዱ ገንዘቡ የእኔ አይደለም።»

ቀጥሎ የመሣሪያ ነጋዴው ጋ ሄድን። የሰጠን ሦስት ወር ሊሞላ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ነጋዴው ማሽኑን ከሱቁ ጀርባ እየገፋ አወጣው፤ ጎማዎቹ አቧራ ጠጥተዋል። ወንድሜ ፖስታውን ሰጠው። ነጋዴው ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቦ ሳቀ፤ ወንድሜ አልሳቀም። የተሸነፈ ሰው ይመስል ነበር፤ ምናልባትም ተሸንፏል። እኔ ደግሞ ከጥፋት ያዳንኩት መስሎኝ የኩራት ስሜት ልቤን ሲነካኝ ራሴን ታዘብኩት። ያዳነችው የሳይዝ ጥያቄ ያነሳችው ሴትዮ ናት። እሷ ባትጠይቅ አሥራ አንዱንም አንብቤ እጨርስ ነበር ብዬ እሰጋለሁ።

አሁን ኮሜንት የምመልሰው እኔ ነኝ፤ ቅጣት ነው፣ ሥራም ነው። እስከ ዛሬ በየቪዲዮው ሥር «ቲሸርቱስ የት ደረሰ? እንገዛለን እኮ!» የሚል አይጠፋም። ለእያንዳንዱ ቁጥሩን፣ ዋጋውንና ግማሹን አስቀድሞ መላክ እንዳለበት እጽፋለሁ። አብዛኛው የልብ ምልክት ይሰጠኛል፤ ከዚያ ዝም ይላል።

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ ሳነብ አየኝ።

«ዛሬ ስንት አዎ?» አለ።

«ሰባት።»

«ስንት ከፈለ?»

«አንድ። መካከለኛ ሳይዝ። ሴት ናት፤ አድራሻዋን ልካለች።»

ወንድሜ የማሽኑን የውሃ ቱቦ በግራ እጁ እየጠቀለለ ትንሽ አሰበ።

«ለአታሚዋ ደውልላት» አለ። «አንድ በላት።»